በአጥንት የሚያሰማ ሄድፎን ሚኒባስ ውስጥ ድምፁ ሲጠፋ

ምልክቱ

ቤት ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረ ትረካ ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ይዋጣል። ቮልዩሙን እስከ ጫፍ ቢጨምሩም ቃላቱ አይለዩም፤ ጉንጭዎን ብቻ ይኮረኩርዎታል።

ወደ ጥገና ከመውሰድዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። መጀመሪያ የሄድፎኑን ሁለት ጫፎች በጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ አጥንቱ ይጫኑ። ድምፁ ጎላ ካለ ችግሩ አቀማመጡ ነው። ካልተለወጠ ሁለቱን የጆሮ ቀዳዳዎች በጣት ይድፈኑ። ወዲያው ከጠራና ቤዙ ከወፈረ ዕቃው ደህና ነው፤ ቃላቱን የሸፈናቸው ጫጫታው ነው።

ምክንያቱ

ይህ ሄድፎን ከጆሮ ፊት ያለውን አጥንት ያንቀጠቅጣል። ንዝረቱ በራስ ቅል በኩል፣ የጆሮ ታምቡርን ሳይጠብቅ፣ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። ቀዳዳው ግን ክፍት ስለሆነ የሞተሩና የረዳቱ ጩኸት ሳይቀነስ ይገባል፤ ሁለቱም ድምፆች እዚያው ውስጠኛ ጆሮ ላይ ይገናኛሉ። ሯጮች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ነጭ በትር ይዘው የሚሄዱ ዓይነ ስውራን የሚመርጡትም መኪና ሲመጣ ስለሚሰሙ ነው።

ቮልዩም መጨመር ብዙ አይረዳም። ወፍራም ድምፅ ትልቅ ንቅናቄ ስለሚፈልግ ቆዳን ያንዘረዝራል፣ አጠገብዎ ለተቀመጠውም ይሰማል። "በአጥንት ስለሆነ ጆሮ አይጎዳም" የሚለውም ስህተት ነው፤ በከፍተኛ ድምፅ የሚጎዳው በዋነኛነት ውስጠኛው ጆሮ ነው፣ ንዝረቱም የሚደርሰው እዚያው ነው።

መፍትሄው

የጣት ጫናው ድምፁን ካጎላው፣ ጫፎቹን ከጆሮ ፊት አጥንቱ ላይ በደንብ ያሳርፉ። ከሥራቸው የገባ ፀጉር፣ ሻሽ ወይም የመነፅር እጀታ ካለ ያውጡት።

ጫጫታ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ነው። በጣት አጥብቀው ያሹት፣ ቀዳዳው ውስጥ ያስገቡት፣ እስኪነፋ ድረስ ይዘው ይቆዩ። የውጭውን ድምፅ ይከለክላል፤ አጥንቱ ወደ ቀዳዳው የሚያስገባውን ንዝረትም እንዳይወጣ ስለሚያግድ ቤዙ ይጠነክራል። ብዙ ጊዜ ቮልዩሙን መቀነስ ይቻላል። ይህ ግን ተቀምጠው ሲጓዙ ብቻ ነው፤ ከመኪና ሲወርዱ ያውልቁት። ጆሮዎ የሚመግል ከሆነ ጨርሶ አይድፈኑት።

መድፈኛ ከሌለ በስልክዎ ኢኳላይዘር ቤዙን ዝቅ፣ ከ1000 እስከ 4000 ሄርዝ ያለውን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። ኩርኮራው ይቀንሳል፣ ንግግሩም ይለያል። ለሙዚቃ ግን ይቀጥናል።

ጸጥ ባለ ቦታም ካልሰሙ

የታምቡር ቀዳዳ ወይም የመካከለኛ ጆሮ ችግር ያለበት ሰው በዚህ ሄድፎን ከተራው የተሻለ ሊሰማ ይችላል፤ ንዝረቱ የተበላሸውን ክፍል ስለሚያልፈው። ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ የተጎዳ እንደሆነ ግን አጥንቱም የሚያደርሰው ለዚያው ለደከመው ክፍል ነው። የጆሮ ሐኪም ሁለቱን የሚለየው ሹካ መሰል ብረት አንኳኩቶ አንዴ ከጆሮ ኋላ አጥንት ላይ፣ አንዴ ከጆሮ አጠገብ በመያዝና የትኛው ጎልቶ እንደተሰማ በመጠየቅ ነው። አጥንት ላይ ሲያዝ ከጎላ ችግሩ ያለው ከውስጠኛው ጆሮ በፊት ነው።