ኢን፣ ኢዛ፣ ለው፦ የዐረብኛ «ከ…» እና «ቢ…» ሲያስቸግሩ

ዐረብኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ «ኢን»፣ «ኢዛ» እና «ለው» ምን ማለት እንደሆኑ ቶሎ ይገባዋል። ሦስቱም የሸርጥ፣ ማለትም የሁኔታ ቃላት ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ከእነሱ ቀጥሎ በሚገባው ግስ ላይ ነው። ማዲ (ኃላፊ) ይሁን ወይስ ሙዳሪዕ (የአሁንና የወደፊት)? መጨረሻው «ኡ» ይሁን ወይስ ይዘጋ? ከዚህ በታች በደብተርና በመልእክት ላይ አዘውትረው የሚታዩትን ስህተቶች ከነምክንያታቸው አስቀምጫለሁ።

አጻጻፌን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በዐረብኛ የሚረዝሙትን «ኡ» እና «ኢ» በ«ው» እና በ«ይ» አስረዝሜ እጽፋለሁ። ስለዚህ «ተድሩሱ» ሲሆን መጨረሻው አጭር፣ «ተድሩሱው» ሲሆን ደግሞ ረጅም ነው። ልዩነቱ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

ምልክት፦ ከ«ኢዛ» በኋላ ሙዳሪዕ ይገባል

ሪያድ የሚሠራ ሰው ለአሠሪው መልእክት ይጽፋል እንበል። ሊል የፈለገው «ዕቃው ከደረሰ እደውልልሃለሁ» ነው። የጻፈው ግን ይህን ነው፦

«ኢዛ የሲሉጥ ጠርዱ ሰአተሲሉ ቢከ።»

አሠሪው ይረዳዋል። የፉስሓ፣ ማለትም የጽሑፍ ዐረብኛ መምህር ግን ሁለት ቦታ ላይ በቀይ ያሰምርበታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕቃው ገና አልደረሰም። ነገሩ ወደፊት ስለሆነ እጃችን በራሱ ወደ ሙዳሪዕ ይሄዳል። «ኢዛ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ማዲ ይፈልጋል። ጊዜውን ወደፊት የሚያደርገው ራሱ «ኢዛ» ነው እንጂ ግሱ አይደለም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም ባይ ነኝ። አማርኛውን አንድ ጊዜ መለስ ብላችሁ እዩት፦ «ዕቃው ከደረሰ»። «ደረሰ» የኃላፊ ቅርጽ ነው። ስለ ነገ እያወራን «ከሚደርስ» አንልም። እናም «ከ» ካለበት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ስትነሡ የግሱን ቅርጽ እንዳለ ይዛችሁ ወደ «ኢዛ» ሂዱ፦ ከደረሰ፣ «ኢዛ ወሰለ»፤ ከመጣህ፣ «ኢዛ ጂእተ»፤ ካጠናህ፣ «ኢዛ ደረስተ»።

የተስተካከለው መልእክት እንዲህ ይሆናል፦

«ኢዛ ወሰለጥ ጠርዱ ፈሰአተሲሉ ቢከ።»

ሁለተኛው እርማት «ፈ» ናት፤ ወደ እሷ እንመለሳለን። የመልሱ ክፍል (ጀዋቡ) ግን ከ«ኢዛ» በኋላ ሙዳሪዕ ቢሆን ችግር የለውም። ማዲም ያስኬዳል። ጥብቅ የሆነው የመጀመሪያው ክፍል ነው።

ምልክት፦ ከ«ኢን» በኋላ ግሱ አይዘጋም

«ካጠናህ ታልፋለህ» ለማለት «ኢን ተድሩሱ ተንጀሑ» ተብሎ ይጻፋል። ሙዳሪዕ መሆኑ ልክ ነው። ስህተቱ መጨረሻው ላይ ነው።

«ኢን» ጃዚም ነው። ሙዳሪዕ ሲከተለው ጀዝም ያደርገዋል፣ የመጨረሻውን ድምፅ ይቆርጠዋል። ደግሞ አንዱን ግስ ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘግቶ ሁለተኛውን ይረሳል። ትክክሉ «ኢን ተድሩስ ተንጀሕ» ነው።

ቁርጡ እንደ ግሱ ዓይነት ይለያያል። ጤነኛ ግስ ላይ «ኡ» ትወድቃለች፦ ተድሩሱ፣ ተድሩስ። ለብዙዎች ሲሆን የምትወድቀው ኑን ናት፦ ተድሩሱውነ፣ ተድሩሱው። መካከሉ ላይ ረጅም ድምፅ ያለው ግስ ደግሞ ሲዘጋ ያጥራል፦ «ተቁውሉ» (ትላለህ) የነበረው «ተቁል» ይሆናል። የመጨረሻው ዓይነት ብዙ ያሳስታል፤ ተማሪው «ኡ»ን አንሥቶ «ተቁውል» ብሎ ይተወዋልና።

በቁርኣን 47፥7 ላይ ሁለቱ ቁርጦች ጎን ለጎን አሉ፦ «ኢን ተንሱሩውላሀ የንሱርኩም»፣ አላህን ከረዳችሁ ይረዳችኋል። የመጀመሪያው ግስ ኑኑን ጥሏል። ሁለተኛው «የንሱሩኩም» የነበረው «የንሱርኩም» ሆኗል። ይህን በቃል የያዘ ሰው ደንቡንም ይዞታል።

በጀዝም ላይ ጥርጣሬ ከገባችሁ መውጫ አለ። «ኢን» ማዲንም ይቀበላል፦ «ኢን ደረስተ ነጀሕተ»። ማዲ ቅርጹ አይለወጥም፣ ስለዚህ የሚዘጋ ነገር የለም። ትርጉሙ ያው ወደፊት ነው። ፈተና ላይ ጀዝም ካልተጠየቃችሁ በዚህ ብትሄዱ ማንም አይነካችሁም።

በተቃራኒው ደግሞ «ኢን»ን የለመደ ሰው «ኢዛ»ንም ጃዚም ያደርገዋል። መስጊድ ቁጭ ብሎ አጅሩሚያ የተባለውን የሰዋስው መጽሐፍ የቀራ ሰው የጃዚሞቹ ዝርዝር በ«ኢዛ» እንደሚያልቅ ያስታውሳል። እዚያው ግን «በግጥም ብቻ» የሚል ገደብ ተቀምጧል። በተራ ጽሑፍ «ኢዛ» ማንንም አይዘጋም።

ምልክት፦ ግሱ ልክ ሆኖ ቃሉ ቦታውን ይስታል

ሰዋስዉ ንጹሕ ሆኖ ዐረፍተ ነገሩ የሚጎረብጥ ጊዜ አለ። «ፀሐይ ከወጣች እንሄዳለን» በ«ኢን» ሲጻፍ ለምሳሌ። «ኢዛ» ለሚጠበቅ፣ ለሚሆን ነገር ነው። «ኢን» ለሚያጠራጥር ወይም ከስንት አንዴ ለሚያጋጥም ነው። ፀሐይ መውጣቷ ስለማያጠራጥር «ኢዛ» ይገባታል።

ሁለቱ ተለይተው ከሚታዩባቸው ቦታዎች ሁሉ እኔ የምመርጠው ስለ ፈርዖን ሕዝቦች የሚናገረውን 7፥131 ነው፦

«ፈኢዛ ጃአትሁሙል ሐሰነቱ ቃሉው ለና ሃዚሂ፤ ወኢን ቱሲብሁም ሰዪአቱን የጠየሩው ቢሙውሳ…»

ደግ ነገር በመጣላቸው ጊዜ «ይህ ለእኛ የሚገባን ነው» ይላሉ። ክፉ ነገር ካገኛቸው ደግሞ በሙሳ ገደ ቢስነት ያመካኛሉ።

ቀስ ብለን እንየው። ደጉ ነገር በ«ኢዛ» መጣ፣ ግሱም ማዲ ሆነ፦ «ጃአት»። ደግነቱ ብዙ ጊዜ የሚያገኛቸው፣ የለመዱት ነበር። ክፉው በ«ኢን» መጣ፤ አልፎ አልፎ ነውና። ግሱም ሙዳሪዕ ሆኖ ተዘጋ። «ቱሲይቡ» የነበረው ከነረጅም ድምፁ ተቆርጦ «ቱሲብ» ሆነ። መልሱም «የጠየሩውነ» ነበር፣ ኑኑን ጥሎ «የጠየሩው» ሆነ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ የትርጉሙ ልዩነትም የግሱ ልዩነትም አለ። ደንቡን ስትረሱት ይህን አንቀጽ ብቻ አውጥታችሁ አንብቡ።

ወደ አማርኛ ስትመልሱ ሁለቱም «ከ» ሊሆኑ ይችላሉ። «ኢዛ» ብዙ ጊዜ «…በመጣ ጊዜ» ወይም «ሲመጣ» ቢባል ያምርበታል። ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ስትሄዱም «ከ»ውን በ«ሲ» ለውጡና አንብቡት። ትርጉሙ ካልተናጋ «ኢዛ» በሉ።

ምልክት፦ «ለው» የአማርኛውን ቅርጽ ይለብሳል

«ብታጠና ኖሮ ታልፍ ነበር» እንዲህ ተተርጉሞ ይገኛል፦ «ለው ተድሩሱ ኩንተ ተንጀሑ።»

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይታያል። «ብታጠና» የሙዳሪዕ ቅርጽ ስላለው «ተድሩሱ» ሆነ። «ታልፍ ነበር» ደግሞ ቃል በቃል «ኩንተ ተንጀሑ» ሆነ። በ«ኢዛ» ላይ የረዳን አማርኛ እዚህ ጋ ያሳስተናል።

«ለው» ላልሆነ ነገር ነው። አላጠናህም፣ አላለፍክምም። መደበኛ አሠራሩ ሁለት ማዲ ሆኖ በመልሱ መግቢያ ላይ «ለ» ይጨመራል፦ «ለው ደረስተ ለነጀሕተ።» የአማርኛው «ኖሮ» እና «ነበር» የሚሠሩትን ሥራ «ለው» እና «ለ» ይወጡታል። ለ«ነበር» ሌላ ቃል አትፈልጉ።

ስለ አሁን ስናወራም ያው ነው፦ «ለው ኩንቱ ገኒየን ለሳዐድቱከ»፣ ሀብታም ብሆን እረዳህ ነበር። ሀብታም የምሆነው ወይም የማልሆነው ዛሬ ነው፣ ግሱ ግን ማዲ ነው።

«ለ»ዋ ግዴታ ናት ወይ? አይደለችም። ሱረቱል ዋቂዓ ውስጥ 56፥65 ላይ ስለ አዝመራው «ለው ነሻኡ ለጀዐልናሁ» ይላል። አምስት አንቀጽ ወረድ ብሎ 56፥70 ላይ፣ ስለ ውኃው፣ «ለው ነሻኡ ጀዐልናሁ» ይላል፤ «ለ»ዋ የለችም። ለጀማሪ ግን ሁልጊዜ አስገቡ እላለሁ፤ አንባቢው መልሱ የት እንደሚጀምር ወዲያው ያይበታልና።

ከእነዚሁ አንቀጾች ሌላም ነገር ይወጣል። «ነሻኡ» ሙዳሪዕ ነው። ስለዚህ «ለው» አንዳንዴ ሙዳሪዕን ይቀበላል። መጨረሻው ግን «ኡ» እንዳለ ነው፤ «ለው» ጃዚም አይደለም።

አፍራሽ ሲሆን በሦስቱም ላይ «ለም» ያስገቡ፣ ከ«ለም» በኋላ ያለው ሙዳሪዕ ይዘጋል፦ «ኢን ለም ተድሩስ»፣ «ኢዛ ለም ተድሩስ»፣ «ለው ለም ተድሩስ»። እዚህ «ኢዛ» እና «ለው» ጋ ግሱ የተዘጋው በ«ለም» ምክንያት እንጂ በእነሱ አይደለም።

ምልክት፦ «ፈ» ትቀራለች

ወደ መልእክታችን እንመለስ። «ሰአተሲሉ» ለምን «ፈሰአተሲሉ» ሆነ?

መፈተኛው ቀላል ነው። መልሱን አንሡና ከ«ኢን» ቀጥሎ አስቀምጡት። እዚያ መቆም የማይችል ከሆነ «ፈ» ያስፈልገዋል። «ኢን ሰአተሲሉ» አይባልም፤ ስለዚህ «ፈ» ግድ ነች። ትእዛዝም ከ«ኢን» በኋላ አይቆምም፤ «ኢዛ ጃአ ነስሩላሂ ወልፈትሕ» ብሎ የጀመረው ሱራ መልሱን «ፈሰቢሕ» ያለው ለዚህ ነው። በስም የሚጀምር ዐረፍተ ነገር፣ «ለን»፣ «ቀድ»፣ «ለይሰ» ያለበትም እንደዚሁ። ይህ ለ«ኢን» እና ለ«ኢዛ» ነው። «ለው» የራሱ «ለ» ስላለው በዚህ መዝገብ አይገባም።

ምልክት፦ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል፣ መምህሩ ግን ይሰርዘዋል

ባሕረ ሰላጤው ላይ የቆየ ሰው «ኢዛ ተቢ» (ከፈለግህ) የሚለውን ቀኑን ሙሉ ይሰማል። «ተቢ» ሙዳሪዕ ነው። በአፍ ንግግር የግሱ መጨረሻ ድምፆች ስለወደቁ የጀዝም ጉዳይ አይነሣም፣ ከ«ኢዛ» በኋላም ሙዳሪዕ በነፃነት ይገባል። «ለው ሰመሕት»ም እንዲሁ «እባክህ» ማለት ብቻ ሆኗል፤ ያልሆነ ነገር የለበትም።

ይህ ስህተት አይደለም፤ ገበያና ሥራ ቦታ የሚያግባባው እሱ ነው። ማመልከቻ ወይም ፈተና ስትጽፉ ግን «ኢዛ ተቢ» የሚለውን «ኢዛ አረድተ» አድርጉት። ከሰዎች አፍ የቀዳችሁትን ዐረፍተ ነገር ወደ ወረቀት ስታወርዱ መጀመሪያ የምታዩት ከ«ኢዛ» ቀጥሎ ያለውን ግስ ይሁን።