ማንጎን በወቅቱ፦ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ጥሩውን እንዴት እንደሚገዙ

ድሬዳዋ ውስጥ ማንጎ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጭማቂ ቤት ብትገቡ ሁሌም አለ። ሁሌም ስለምናየው ደግሞ ወቅት ያለው ፍሬ መሆኑን እንረሳዋለን። አምና መጋቢት ላይ አምሮኝ ሦስት ኪሎ ገዛሁ፤ ውድ ነበር፣ ድንጋይ ይመስል ነበር፣ ሻጯ «ሦስት ቀን አቆዪው፣ ማር ይሆናል» አለችኝ። ስምንት ቀን አቆየሁት። ቆዳው ተጨማደደ፣ ውስጡ ነጣ ያለና ኮምጣጣ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ እንኳን በጨውና በሚጥሚጣ ነው የጨረሱት።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ማንጎ ከተቆረጠ በኋላ የሚበስል ፍሬ ነው፤ ግን የሚጣፍጠው ዛፉ ላይ ሆኖ ያጠራቀመው ስታርች ወደ ስኳር ሲለወጥ ነው። ጮርቃ ሆኖ ከተቆረጠ የሚለወጥ ነገር የለውም፤ ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም። ከወቅቱ በፊት ገበያ የሚወጣው ደግሞ ብዙው እንዲህ ያለ ነው፣ ዋጋው ሳይወርድ ለመሸጥ ተጣድፎ የተቆረጠ። ከሩቅ አገር ተጭኖ የሚመጣውም መንገዱን እንዲችል ገና ጠንካራ ሳለ ይለቀማል።

አንደኛ፣ ጠብቁ

በእኛ አካባቢ ማንጎ የሚትረፈረፈው ከሚያዝያ መጨረሻ ገደማ እስከ ሰኔ ነው፤ እንደ ዝናቡና እንደ ሙቀቱ ወዲህም ወዲያም ይላል። እኔ ግን ቀን ቆጥሬ ሳይሆን ገበያውን አይቼ ነው የምወስነው። ቀፊራ ውስጥ እስካሁን በኪሎ ስትሸጥ የነበረችው ሴትዮ ሚዛኗን ትታ በመደብ መደርደር ስትጀምር፣ ከጎኗም ሌሎች አምስት ስድስት ሴቶች ያንኑ ዘርግተው ሲቀመጡ፣ ፍሬው ላይ ገና ያልጠወለገ ቅጠል ስታዩ፣ ያኔ ከቅርብ መጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላም አንድ ሳምንት ብትታገሱ አይጎዳችሁም። መጀመሪያ የሚወርደው ዋጋው ነው፣ ጣዕሙ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ምረጡ

ለማቆየት ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሂዱ። ፀሐይ ያልመታው፣ ያልተነካካ ፍሬ የሚገኘው ያኔ ነው። ለዛሬ ማታ ወይም ለጭማቂ ከሆነ ግን ከ11 ሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ሻጯ የበሰለውን ይዛ ወደ ቤቷ መመለስ አትፈልግም፣ ሁለቱን መደብ በአንዱ ዋጋ ልትሰጣችሁ ትችላለች። እኩለ ቀን ላይ የሚገዛ ሰው አይገባኝም። ፍሬውም ገዢውም አብረው ይቀቀላሉ።

ሦስተኛ፣ መምረጡ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ቀለም ያታልላል። የሐበሻ ማንጎ የምንለው አንዳንዱ ቆዳው አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል፤ ከተዳቀሉት ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ በፀሐይ የተመታው ጎኑ ገና ጮርቃ ሳለ ይቀላል። ቅላቱ ፀሐይ ማየቱን እንጂ መብሰሉን አይናገርም።

ቅርፁን እዩ። ፍሬው ከዛፉ የተንጠለጠለባትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት። የደረሰ ማንጎ ትከሻው ከጫፉ ከፍ ብሎ ይነሳል፣ እንጨቷ የነበረችበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ትመስላለች፤ ጉንጩም ሞልቶ ይወጣል። ትከሻው ወደ ታች የወረደ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ከሆነ ጮርቃ ነው፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ለመብላት አይሆንም። ትከሻው ተነስቶ ገና ጠንካራ የሆነው ግን ምንም ችግር የለበትም፣ ቤት ውስጥ ይበስላል።

ለዛሬ የምትፈልጉትን በማሽተት ለዩ። አንዴ እየተጫንኩ ስመርጥ አንዲት ትልቅ ሴት «አቦ፣ በጣትሽ አትውጊያት! አሽትቺያት» ብለው እጄን መለሱት። እውነታቸውን ነው። የተጫናችሁበት ቦታ ነገ ይጠቁራል፣ የሚገዛው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ጫፉ ላይ አፍንጫችሁን ስታስጠጉ ጣፋጭ ሽታ ካለው በስሏል። የመጠጥ ሽታ ከሸተታችሁ አልፎበታል።

በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጥብ ካለውና ዙሪያው ለስለስ ካለ አስቀምጡት፤ የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላል የጣለችበት ሊሆን ይችላል፣ ስትቆርጡት ትል ታገኛላችሁ። ወቅቱ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ይሄ ይበዛል። ቆዳው ላይ የደረቀ ሙጫ የተወው ጭረት ብቻ ከሆነ ግን ውስጡን አይነካውም፤ እንዲያውም በእሱ ምክንያት ዋጋ አስቀንሱ።

አራተኛ፣ የሚበላውን አስሉ

ርካሽ የሚመስለው ሁሉ ርካሽ አይደለም። አንድ ቀን ቤት ውስጥ መዘንኩት። ትንንሹ ክር የበዛበት ማንጎ አንድ ኪሎ ሰባት ፍሬ ሆነ፤ ልጣጩና ዘሩ ሲወጣ የቀረኝ 550 ግራም ነው። ትልልቁ የተዳቀለው ከአንድ ኪሎ 700 ግራም ሰጠኝ። እንበል ትንሹ በኪሎ 60 ብር፣ ትልቁ 75 ብር ቢሆን፣ የሚበላው አንድ ኪሎ በትንሹ 109 ብር፣ በትልቁ 107 ብር ይመጣል። እኩል ነው ማለት ነው፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባው ክር ደግሞ ሳይቆጠር። ለጭማቂ ከሆነ ግን እኔ ትንሹን እመርጣለሁ፤ ሽታው ይበልጣል፣ ክሩንም ወንፊት ያስቀረዋል።

አምስተኛ፣ ቤት ስትገቡ

አምስት ኪሎ ስትገዙ ሁሉንም የበሰለ አትምረጡ፣ በድሬ ሙቀት በሁለት ቀን ይበላሽባችኋል። እኔ ሁለት ኪሎ የሚሸተውን፣ ሦስት ኪሎ ጠንካራውን አደርጋለሁ። ከፌስታሉ ቶሎ አውጡት፤ ተዘግቶ ሲውል ያልበዋል፣ ይሻግታል። ጠንካራውን ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርግታችሁ ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚለው ጥግ፣ ወለሉ አጠገብ አኑሩት። ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ መደርደሪያ ላይ አታውጡት፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲበስል ይዥጎረጎራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

ያልበሰለ ማንጎ ፍሪጅ አይገባም። ከ13 ዲግሪ በታች ብርዱ ይጎዳዋል፤ ቆዳው ይጠቁራል፣ ከወጣም በኋላ በወጉ አይበስልም። ከበሰለ በኋላ ግን ጥቂት ቀን ይቆይላችኋል።

የተረፈውን በደንብ በስሎ ሳለ ላጡት፣ ቆራርጡት፣ ትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግታችሁ ማቀዝቀዣው ክፍል አስገቡት። በረዶ ሆኖ ሲጠነክር ነው ወደ ከረጢት የሚገባው፤ በአንዴ ከከተታችሁት አንድ ትልቅ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። በደንብ ከቀዘቀዘ ለወራት ይቀመጣል፣ ጥቅምት ላይም ጭማቂ ይወጣዋል። ብቻ መብራት ቆይቶ ሲመጣ ከረጢቱን ነካ አድርጉት። ከላላ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፣ ገና ቅዝቃዜው ሳይለቀው ጨምቃችሁ ለጎረቤትም ጭምር አካፍሉ።