ከኤርፖርት ሳትወጡም ትራንዚት ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እንዴት ታጣራላችሁ?

«ከኤርፖርት እስካልወጣህ ድረስ ቪዛ አያስፈልግህም» የሚለውን ምክር ያልሰማ መንገደኛ የለም። ለብዙ አገር ፓስፖርት እውነት ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን መልሱን የሚወስነው የምታልፉበት ከተማ ነው።

አንድ የጅማ ቡና ነጋዴ ወደ ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ሊሄድ ነው እንበል። የኮሎምቢያ ቪዛውን ይዟል። ሂርማታ አካባቢ ያለ ቲኬት ቢሮ ሁለት መንገድ አቀረበለት፤ በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል። የፍራንክፈርቱ ረከስ ይላል።

1. መጀመሪያ የምታልፉበትን አገር ሕግ እዩ። የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ኢሚግሬሽን ሳያልፉም የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ የሚጠየቁ አገሮችን ይዘረዝራል። ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ስለዚህ ነጋዴያችን ፍራንክፈርት ላይ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቃት ሰዓት እንኳ «A» የሚባለው ቪዛ ያስፈልገዋል። ከሌለው ቦሌ ላይ አያሳፍሩትም። ፓስፖርቱ ላይ ጊዜው ያላለፈ የሸንገን፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ካለ ግን ከዚህ ነፃ ነው። ኢስታንቡል ላይ፣ ሳይወጣ በዚያው ኤርፖርት ቀጣዩን በረራ ከያዘ፣ ቪዛ አይጠየቅም። በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ቲኬት ከቀረበላችሁ ደግሞ እዚያ ሳይገቡ ማለፍ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ኢሚግሬሽን ያልፋል፣ ቪዛም ይጠየቃል።

2. ከዚያ በግድ የሚያስወጣችሁ ነገር መኖሩን አጣሩ። ዋናው የቲኬቱ አቆራረጥ ነው። ሁለቱ በረራዎች ለየብቻ ከተቆረጡ ሻንጣችሁ መሃል ላይ ሊወርድ ይችላል። እሱን ለማንሳትና እንደገና ለማስመዝገብ አገሩ ውስጥ መግባት አለባችሁ። ቦሌ ላይ ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት እዩ። BOG ከሚል ቀጥታ ቦጎታ ይደርሳል። IST ላይ ካበቃ ችግር አለ። ኢስታንቡል ሁለት ኤርፖርት እንዳላት አትርሱ፤ በአንዱ ወርዶ በሌላው መነሳት ከተማ መግባት ነው። ከፍራንክፈርት ወደ ማድሪድ ቀጥሎ ወደ ቦጎታ የሚል ቲኬትም «A» ቪዛ አይበቃውም፤ ሁለቱም ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ ሙሉ የሸንገን ቪዛ ይፈልጋል።

3. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አየር መንገዱን በጽሑፍ ጠይቁ። ፓስፖርታችሁን፣ ያላችሁን ቪዛና ሙሉ ጉዞውን ጻፉላቸው። ሠራተኞቹ ቲማቲክ የሚባል ሲስተም ላይ ያዩታል። ቦሌ ላይ የሚያሳልፋችሁም ሆነ የሚመልሳችሁ ይኸው ሲስተም ነው፤ የቲኬት ሻጩ ቃል አይደለም።

ፍራንክፈርትን የግድ ካላችሁ ማመልከቻው ከጉዞው ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ የአዲስ አበባ መመላለሻውና አልጋው ሲጨመር የቲኬቱ ርካሽነት ይጠፋል። እኔ ብሆን በኢስታንቡል እሄዳለሁ።

ስታጣሩ የመልሱንም በረራ ጨምሩ። ሲሄድ በኢስታንቡል፣ ሲመለስ በፍራንክፈርት የሚል ቲኬት አለ፤ እሱን የያዘ ሰው የሚታገደው ቦጎታ ላይ ነው።