«ነገ 3 ሰዓት እሱ ጋር» ያለውን መልእክት እንዴት አስተካከልነው

ሐዋሳ ላይ ስብሰባችንን የሚያስተባብረው ልጅ ዓርብ ማታ እየተጣደፈ ይህን ላከ፦

«ሄኖክ ለዳዊት ነግሮታል። ነገ 3 ሰዓት እሱ ጋር እንገናኝ። ሰላም ትመጣ እንደሆነ ንገረኝ።»

ግማሹ ሰው ፒያሳ ሄኖክ ቢሮ ሄደ። ግማሹ አሞራ ገደል አካባቢ ዳዊት ጋር ተሰበሰበ። «እሱ» ለሁለቱም ይሆናላ! መልእክቱን ቅዳሜ ጠዋት የከፈተ ደግሞ «ነገ»ን እሑድ ብሎ ተኛ። ከውጭ የመጣችው ባልደረባችን ስልኳ ላይ 3:00 PM ብላ ያዘች፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነና ማንንም አላገኘችም።

የመጨረሻው መስመር ይባስ። ሰላም የምትባል ልጅ አብራን ትሠራለች። ሰላምታ ነው ወይስ እሷ? «ትመጣ» ለአንተም ለእሷም አንድ ነው። «ትመጣለህ» ወይም «ትመጣለች» ተብሎ ሲጻፍ ግን ይለያል።

አሁን እንዲህ ነው የሚላከው፦

«ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ስልክ ላይ 9:00 AM፣ ፒያሳ ሄኖክ ቢሮ እንገናኝ። ዳዊት ያውቃል። ሰላም ትመጣለች ወይ? የሚያውቅ ይጻፍልኝ።»

«እሱ» በስም ተተካ፣ «ነገ» በዕለቱ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ያን ሁሉ ስልክ መደዋወል ያስቀራል። «ከምሳ በኋላ» የሚል ሲመጣ ግን በግምት አልሞላውም። አንዱ 6 ሰዓት ተኩል ይበላል፣ ሌላው 8 ሰዓት። ስለዚህ «በስንት ሰዓት?» ብዬ እመልሳለሁ።