ኦላንዛፒን ላይ ክብደት ሲጨምር፦ ሕክምናው የሚለወጠው መቼ ነው?

ምልክቱ

ታካሚው ኦላንዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲጀምር 60 ኪሎ ነበር፤ በ4ኛው ሳምንት 63.2 ሆነ። የጾም ስኳሩ 94 ሚሊግራም በዴሲሊተር ነው፤ በሕመሙ ይሰማው የነበረው ድምፅም ጠፍቷል። «ሦስት ኪሎ ምን አላት» ተብሎ የሚታለፈው እዚህ ላይ ነው። መታየት ያለበት ግን መቶኛው ነው፦ 3.2 ለ60 ሲካፈል 5.3 በመቶ። ጭማሪው ከመነሻው 5 በመቶ ከደረሰ ሕክምናው እንደገና ይታያል።

መጀመሪያ ግን ሚዛኑን አጣሩ። ያው ሚዛን፣ ያለ ጫማ፣ በቀላል ልብስ። የመነሻው ክብደት ካልተመዘገበ መቶኛውን ማስላት አይቻልምና ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ የጾም ስኳርና የደም ቅባት ይለኩ። ክብደት በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየ3 ወሩ ይታያል። ሌሎቹ በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማሉ።

ምክንያቱ

ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን በአንጎል ውስጥ የሂስታሚንና የሴሮቶኒን ተቀባዮችን ስለሚዘጉ ታካሚው በልቶም አይጠግብም። ከዚህ ሌላ የኢንሱሊንን ሥራ በቀጥታ ያውካሉ። ስለዚህ ያልወፈረ ሰውም ስኳር ሊይዘው ይችላል፤ ክብደቱ ደህና ነው ብሎ የደም ምርመራውን መተው ስሕተት ነው።

መፍትሄው

12ኛውን ሳምንት አትጠብቁ። ታካሚው ሌላ መድኃኒት ገና ካልሞከረ ክብደት ብዙም ወደማይጨምረው አሪፒፕራዞል መቀየር ጥሩ ምርጫ ነው። አዲሱ ተጀምሮ ኦላንዛፒኑ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በአንድ ጊዜ ከተቆመ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። በአሪፒፕራዞል መጀመሪያ ላይ መቀመጥ የሚያቅት የእግር መቁነጥነጥ ከመጣ ሕመሙ ብሶበታል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

መቀየሩ አደገኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከክሎዛፒን በቀር ምንም ያልሠራለት ሰው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ይቆይና የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ይጨመርለታል። 500 ሚሊግራም ከራት ጋር ይጀመራል፤ ሆድ ከቻለው በየ1 ወይም 2 ሳምንቱ 500 እየተጨመረ በቀን እስከ 2000 ይደርሳል። አስቀድሞ ኩላሊት ይመርመር፦ የማጣሪያ መጠኑ በደቂቃ ከ45 ሚሊሊትር በታች ከሆነ አይጀመርም።

ስኳሩ ሲወጣ

የጾም ስኳር ከ100 እስከ 125 ከሆነ ክብደቱ ባይጨምርም ከላይ ያለው ውሳኔ ይሠራል። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገም፤ ከጸና የስኳር በሽታ ነውና ሕክምናው ይጀመር። የውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማስታወክና ፈጣን ጥልቅ ትንፋሽ ከታዩ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ሳይጾም ለመጣ ታካሚ የ3 ወር አማካይ የስኳር ምርመራ ያገለግላል፤ 5.7 በመቶ ማስጠንቀቂያ፣ 6.5 የበሽታው መለያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን አትተማመኑበት። የኋላውን ወራት ስለሚያማክል፣ ስኳሩ ትናንት መውጣት ቢጀምር ውጤቱ ገና ደህና ይመስላል።