በፕሮቲን ዱቄት ጣሳ ላይ ያለ የምርመራ ማኅተም እንዴት እንደሚነበብ

ሱሉልታ ላይ ሯጮች ከማለዳ ልምምድ በኋላ ቁጭ ብለው ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የፕሮቲን ዱቄት ነው። ጣሳው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ የገባ ነው፤ አንዳንዴም አዲስ አበባ ከሚገኝ ሱቅ ይገዛል። በብዛት የሚወሰደው ዌይ የሚባለው ሲሆን፣ ወተት ረግቶ አይቡ ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው አጓት ላይ ውሃው፣ አብዛኛው ስኳሩና ስቡ ተወግዶ የሚደርቅ ነው። ገዢው ጣሳውን አገላብጦ አንድ ክብ ማኅተም ካየ «ተመርምሯል» ብሎ ይከፍላል። እኔም ለዓመታት የማደርገው ይህንኑ ነበር፤ ማኅተሙ የሚያረጋግጠውንና የማያረጋግጠውን የለየሁት ግን ከተሳሳትሁ በኋላ ነው።

አንደኛ፦ ማኅተሙ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ይለዩ

ማኅተሞች ሁሉ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። ጂኤምፒ የሚለው ምልክት ፋብሪካው በሥርዓት እንደሚያመርት ይናገራል እንጂ እጅዎ ላይ ስላለው ጣሳ ምንም አይልም። «በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በተመዘገበ ፋብሪካ የተመረተ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ መመዝገብ መመርመር አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረትም እንዲህ ያለ ምርት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ይሁንታ አይጠብቅም። የመርማሪው ስም ሳይጠቀስ «በላቦራቶሪ የተፈተነ» የሚል ወርቃማ ክብ ካዩ፣ እኔ እንደ ጌጥ ነው የምቆጥረው።

ስም ካላቸው መርማሪዎች መካከል እኛ ዘንድ በሚገቡት ጣሳዎች ላይ በብዛት የማየው ሁለቱን ነው። ኢንፎርምድ ስፖርት የተባለውን የሚያስተዳድረው የእንግሊዙ ኤልጂሲ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር አብሮ የተመረተው ዱቄት፣ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት በስፖርት የተከለከሉ አበረታች ቅመሞች እንዳሉበትና እንደሌሉበት ይመረምራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ማኅተም ፕሮቲኑ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል መሆኑን አይናገርም፤ ለዚያ ኢንፎርምድ ፕሮቲን የሚባል ሌላ ማኅተም አላቸው። ኤንኤስኤፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለስፖርት የሚሰጠው ማኅተም ግን የተከለከሉትን ቅመሞች ከመፈለግ በተጨማሪ ይዘቱ ከጽሑፉ ጋር መስማማቱንና እንደ እርሳስ ያሉ በካዮች አለመኖራቸውን ያያል። በመድኃኒት መመዘኛዎቹ የሚታወቀው ዩኤስፒ የሚሰጠው ማኅተም በአብዛኛው የሚገኘው በቫይታሚንና በማዕድን እንክብሎች ላይ ስለሆነ በፕሮቲን ዱቄት ላይ አልጠብቀውም።

የምርመራውን ወጪ የሚከፍለው አምራቹ ራሱ ነው፤ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ይጠራጠራል። ገለልተኛ የሚያሰኘው ክፍያው ሳይሆን፣ መርማሪው ዱቄቱን ሸጦ የማያተርፍ መሆኑና ያጸደቃቸውን ምርቶች ዝርዝር ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ማውጣቱ ነው። ስለዚህ ማኅተሙ ዋጋ የሚኖረው ከዝርዝሩ ጋር ሲመሳከር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ የባች ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ

የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። አብሮኝ ለሚሠራ ወጣት ሯጭ ሁለት ጣሳ የቫኒላ ዱቄት ስገዛ ባለሱቁን ማረጋገጫ ብጠይቀው «ወንድሜ፣ ማኅተሙ አይታይህም እንዴ?» አለኝ። ቤት ገብቼ የምርቱን ስም በስልኬ ስፈልግ በመርማሪው ዝርዝር ውስጥ አገኘሁትና ነገሩ አለቀ ብዬ ተውሁት። ልጁ ለውድድር ሊጓዝ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አሠልጣኙ ጣሳውን አይተው «ባቹስ?» ሲሉ ዝርዝሩን እንደገና ከፈትሁት። የተመዘገበው የቸኮሌቱ ጣዕም ብቻ ነበር፤ የእኛ ቫኒላም ሆነ ቁጥሩ የሉም። አንዱ ጣሳ ግን ተጋምሷል። ልጁ ዱቄቱን አቁሞ ሄደ፣ ምንም አልተገኘበትም፤ ቢገኝበት ኖሮ ግን በአትሌት ሰውነት ውስጥ ለተገኘ ቅመም ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ስለሆነ «ማኅተም ነበረው» ማለት ከጥፋተኝነት አያወጣውም ነበር።

ስለዚህ የምርት ስም ማግኘት ፍለጋው አለቀ ማለት አይደለም። የባች ቁጥሩን ከጣሳው ታች ወይም ከክዳኑ አጠገብ ያገኙታል፤ LOT ከሚል ቃል ወይም L ከሚል ፊደል ቀጥሎ ይጻፋል፣ EXP ከሚለው ቀጥሎ ያለው ደግሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ነው። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ስለሚደበዝዝ 0 እና O፣ 8 እና B ይምታታሉ፤ የስልክ መብራት ከጎን አብርቶ ፎቶ ማንሳትና አጉልቶ ማንበብ ይሻላል። ከዚያ የኢንፎርምድ ስፖርት ከሆነ sport.wetestyoutrust.com፣ የኤንኤስኤፍ ከሆነ nsfsport.com ላይ ገብተው አራት ነገሮችን ያመሳክሩ፦ ስሙን፣ ጣዕሙን፣ የባች ቁጥሩንና፣ ዝርዝሩ የሚያሳይ ከሆነ፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን። አድራሻውን ራስዎ ይጻፉት፤ ጣሳው ላይ ያለውን የኪውአር ምስል አያንሱ፣ ጣሳውን ያስመሰለ ሰው ምስሉንም ወደፈለገው ገጽ ሊመራው ይችላልና።

አራቱም ቢስማሙ እንኳ አንድ ክፍተት ይቀራል፤ አስመሳይ ሰው ከእውነተኛ ጣሳ ላይ ቁጥሩንም ሊገለብጥ ይችላል። እኔ የማየው ቁጥሩ የተጻፈበትን መንገድ ነው። ፋብሪካ ቁጥሩን የሚያትመው ጣሳው ከተሞላ በኋላ ስለሆነ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራና ከሌላው ጽሑፍ የተለየ ይመስላል፤ ቁጥሩ ከሥዕሉ ጋር አብሮ በአንድ ቀለም ከታተመና መደርደሪያው ላይ ያሉት የተለያየ ጣዕም ያላቸው ጣሳዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ አልገዛም። ከክዳኑ ሥር ያለው የተለጠፈ ወረቀት ያልተነካ መሆን አለበት። ምርመራው የሚናገረው ከፋብሪካ ስለወጣው ባች እንጂ በመንገድ ተከፍቶ እንደገና ስለተሞላ ጣሳ አይደለም።

ሦስተኛ፦ ጽሑፉን በሂሳብ ይፈትሹ

ይህ ማኅተም ለሌለው ወይም ማኅተሙ አበረታች ቅመምን ብቻ ለሚመለከት ጣሳ ነው። አስቀድሞ ማጭበርበሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው የፕሮቲን ልኬት ፕሮቲኑን በቀጥታ አያይም፤ ናይትሮጅኑን ለክቶ በ6.25፣ ለወተት ውጤቶች ደግሞ በ6.38 ያባዛዋል። ናይትሮጅን ያለው ርካሽ ነገር የጨመረ ሰው ታዲያ ልኬቱን ከፍ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ወተት ላይ ሜላሚን ተጨምሮ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት የታመሙትና ስድስት የሞቱት በዚሁ ቀዳዳ ነው። በፕሮቲን ዱቄት ላይ የሚጨመሩት ግን እንደዚያ መርዛማ አይደሉም፤ ግላይሲን፣ ታውሪን ወይም ክሬአቲን የሚባሉ ናይትሮጅን ያላቸው ርካሽ ነገሮች ናቸው። አንድ ግራም ግላይሲን በናይትሮጅን ልኬት 1.17 ግራም ፕሮቲን መስሎ ይታያል። የሚጎዳው ኪስና ጡንቻ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ካመጣው ጣሳ ላይ የሠራሁትን ሂሳብ ላሳይ። አንድ መስፈሪያ 30 ግራም ሲሆን በውስጡ 25 ግራም ፕሮቲን፣ 2 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 1.5 ግራም ስብ እንዳለ ተጽፏል። ድምሩ 28.5 ስለሆነ ከ30 አያልፍም። ካሎሪውም ፕሮቲኑና ካርቦሃይድሬቱ በ4፣ ስቡ በ9 ተባዝቶ 121.5 ሲመጣ ጣሳው 120 ይላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ነው። በመጀመሪያ የተጻፈው ኮንሰንትሬት የሚባለው የዌይ ዓይነት ነው፤ በገበያ ላይ ያለው ምርጡ ኮንሰንትሬት ፕሮቲኑ 80 ከመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ጣፋጭና ካካዎ ሲጨመርበት ከዚያ ይወርዳል። 25 ከ30 ግን 83 ከመቶ ነው። እዚህ ደረጃ የሚደርሰው 90 ከመቶ አካባቢ የሆነው አይሶሌት ነው፤ እርሱ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዝርዝሩ ዝቅ ብሎ ግላይሲን፣ ታውሪንና ክሬአቲን ተጽፈዋል።

ሁለተኛው ሊዩሲን ነው። ሊዩሲን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ሲሆን ከዌይ ፕሮቲን ውስጥ ቢያንስ አንድ አሥረኛ ያህል ድርሻ አለው። ስለዚህ 25 ግራም እውነተኛ የዌይ ፕሮቲን 2.5 ግራም አካባቢ ሊዩሲን ሊሰጥ ይገባል። በጣሳው ጀርባ ባለው የአሚኖ አሲድ ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈው 1.8 ነበር። 1.8ን በአሥር ሳባዛ እውነተኛው ፕሮቲን 18 ግራም አካባቢ ሆነ። በዚያው ሠንጠረዥ ግላይሲን 4.2 ግራም ነው፤ 18 ግራም የዌይ ፕሮቲን ግን ከግማሽ ግራም ብዙም አይበልጥም። ጓደኛዬ የከፈለው ለ25 ሆኖ የሚጠጣው 18 ነው፤ ይህን ያሳየን ደግሞ የአምራቹ የራሱ ጽሑፍ ነው። ሠንጠረዡ ጨርሶ ከሌለ ይህን ሂሳብ መሥራት አይቻልም፤ ኮንሰንትሬት ሆኖ የተጨመረ አሚኖ አሲድም ተጽፎበት ሠንጠረዥ የሌለውን ጣሳ እኔ እተወዋለሁ።

ሊዩሲን ለብቻው ተጨምሮ ከተጻፈ ግን ሂሳቡ ያታልላል፤ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ቀላል ነውና። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ የላቦራቶሪ ወረቀት ይጠይቁ፣ የማጀት ፈተናን ይተዉ

ዱቄቱ ውሃ ላይ አረፋ መሥራቱ፣ በእሳት ሲነካ ፀጉር ፀጉር መሽተቱ ወይም በሙቅ ውሃ መርጋቱ ፕሮቲን መኖሩን ይጠቁም ይሆናል፤ መጠኑን አይነግርም፣ አበረታች ቅመምን ደግሞ ጨርሶ አያሳይም። ቅመሙ በቢሊዮን አንድ እጅ ቢሆን እንኳ የሚያገኘው መሣሪያ በላቦራቶሪ እንጂ በማጀት የለም።

ለአምራቹ የባች ቁጥሩን ጽፈው የዚያን ባች የምርመራ ወረቀት እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ወረቀቱ ሲመጣ የባች ቁጥሩ ከጣሳው ጋር አንድ መሆኑን፣ የላቦራቶሪው ስም መጻፉንና ላቦራቶሪው የላቦራቶሪዎች ብቃት መመዘኛ በሆነው አይኤስኦ 17025 ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ ፕሮቲኑም በናይትሮጅን ብቻ ወይስ በአሚኖ አሲድ ዝርዝር እንደተለካ ይዩ። «ተፈላጊው» የሚለው ዓምድ ተሞልቶ «ውጤት» የሚለው ስር ቁጥር ሳይሆን «ያሟላል» ብቻ ከተጻፈ፣ የላኩልዎ የሽያጭ ወረቀት ነው።

ለሚወዳደር ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአንድ ባች ሁለት ጣሳ ገዝቶ አንዱን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ፣ የተከፈተውንም ጣሳ ዱቄቱ ቢያልቅም ከነቁጥሩ አለመጣል ነው። ምናልባት ጥያቄ ቢነሣ፣ ቅመሙ ከዱቄቱ መምጣቱን ለማሳየት ላቦራቶሪው የሚፈልገው ያልተከፈተውን ነው፤ በተከፈተ ጣሳ ውስጥ የተገኘን ነገር ማን እንደጨመረው ማሳየት አይቻልምና።