የኦቲዝም ምርመራ ሪፖርት ለተማሪ ልጅ እንዴት ይጻፋል?

ልጁን አይታችኋል፣ እናቱን አነጋግራችኋል፣ መምህሩ የሞሉት መጠይቅም ደርሷል። አሁን የቀረው ይሄን ሁሉ አያይዞ መጻፍ ነው። ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ «አይታዘዝም» ተብሎ የተላከ የ8 ዓመት የ2ኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ።

መጀመሪያ የእድገት ታሪኩን ጻፉ። ኦቲዝም ከጨቅላነት ጀምሮ ያለ ስለሆነ አሁን ክፍል ውስጥ የሚታየው ብቻውን አይበቃም። እናትየዋን «በስንት ወሩ መጠቆም ጀመረ?» ብትሏት ይጠፋታል። «ታናሽ እህቱ ስትወለድ ያወራ ነበር? የመጀመሪያ ልደቱ ላይ ስሙ ሲጠራ ዞር ይል ነበር?» ብትሏት ግን ቁልጭ አድርጋ ትነግራችኋለች። የዚህ ልጅ እናት ውሃ ሲያምረው በጣቱ እንደማይጠቁም፣ እጇን ይዞ ወደ ጆጉ ይወስዳት እንደነበር ነገረችን እንበል። እንዳለ ጻፉት። የመስማት ምርመራውንም እዚሁ አስገቡ፤ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ጆሮው ሳይታይ አይደመደምም።

ቀጥሎ ምልከታው። ቢሮ ውስጥ ብቻ ሳይሆን እረፍት ላይ ግቢ ውስጥም እዩት። «ከልጆች ጋር አይግባባም» ማለት ድምዳሜ ነው፤ «ኳስ ሲያቀብሉት ያዛትና ስፌቷን ማየት ጀመረ፣ ቢጠሩትም አልመለሰላቸውም» ማለት ግን ምልከታ ነው። የዓይን ነገር ላይ ተጠንቀቁ። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ጨዋ ነው የሚባለው። ይልቅ ያስደሰተውን ነገር ለማሳየት ወደ እናቱ ዞር ይላል ወይ?

ከዚያ የእድገት ታሪኩንና ምልከታውን አገናኙ። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ለምርመራ በሚጠቀሙበት መመሪያ፣ በዲ.ኤስ.ኤም-5 መስፈርት መሠረት 3ቱም የማኅበራዊ ግንኙነት ችግሮች፣ ከ4ቱ የድግግሞሽ ባህርያት ደግሞ ቢያንስ 2ቱ መኖር አለባቸው። በእያንዳንዱ ሥር ከልጅነቱ አንድ፣ አሁን ካያችሁት አንድ ማስረጃ አስቀምጡ። የሚጋጭ ነገር ካለ አትደብቁት። ልጁ ቢሮ ውስጥ ስለ ባቡር ጥሩ አድርጎ ያወራና ግቢ ውስጥ ዝም ይላል። ለምን? ቢሮ ውስጥ ወሬውን የሚመራለት አዋቂ አለ፤ ግቢ ውስጥ ግን ጨዋታው ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር መከተል ያቅተዋል። ይሄ ግጭት ራሱ ማስረጃ ነው፣ «አይታዘዝም» የተባለበትንም ምክንያት ይገልጣል። የኦቲዝም መመዘኛ ፈተና ነጥብም ቢሆን ከማስረጃዎቹ አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይወስንም።

መጨረሻ ላይ ምክረ ሐሳቡ ይመጣል። «ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመምህሩ ምንም አይሠራላቸውም። እያንዳንዱን ምክር ካያችሁት ነገር ጋር እሰሩት። ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ከሮጠ፣ መምህሩ 2 ደቂቃ ቀድመው ይንገሩት፣ ከሌሎቹም ቀድሞ ይውጣ። ለክፍሉ በጅምላ የተነገረ ትዕዛዝ ካመለጠው፣ ስሙን ጠርተው አንድ በአንድ ይንገሩት፤ የቀኑ ፕሮግራምም በሥዕል ዴስኩ ላይ ይለጠፍለት። ማን እንደሚያደርገውና መቼ እንደገና እንደሚታይ ከሥሩ ጻፉ።